ሃዞፕ ላይ "ሙቀት ያነሰ" ሲደርስ ምን ይጻፋል?

ጸሐፊዋ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮሰስ ኢንጂነር ነኝ፣ ሥራ ከጀመርኩ ገና አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሳምንት የሂደታችንን አደጋዎች በመሪ ቃላት አንድ በአንድ በምንፈትሽበት በሃዞፕ ስብሰባ ላይ ጸሐፊ አድርገውኛል። ሌላው ይከራከራል፣ እኔ ሰንጠረዡን እሞላለሁ።

ሂደቱ ይሄ ነው። 5 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ሪአክተር አለ። መጀመሪያ 1500 ኪሎ ሜታኖል ይገባል። ከዚያ ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድ፣ እንደ ካታሊስት። ማማሰያው ይነሳል። ሪአክተሩን በከበበው ጃኬት እንፋሎት አስገብተን ወደ 40 ዲግሪ እናሞቀዋለን። ከዚያ እንፋሎቱን ዘግተን ወደ ማቀዝቀዣ ውሃ እንቀይርና አሴቲክ አንሃይድራይድ በፓምፕ ቀስ እያልን እንጨምራለን። በሰዓት 400 ኪሎ፣ ለ5 ሰዓት፣ በድምሩ 2000 ኪሎ። ሪአክሽኑ ሙቀት ያወጣል፣ ጃኬቱ ያንን ይወስዳል።

ትናንት "ሙቀት ይበልጥ" የሚለውን አንድ ሰዓት ሙሉ ተወያየንበት። "ሙቀት ያነሰ" ላይ ስንደርስ ግን ምሳ ሰዓት ተቃርቦ ነበር። አንዱ "ቀዝቃዛ ከሆነ ምን ይሆናል፣ ሪአክሽኑ ይዘገያል እንጂ" አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም "ምርት ይዘገያል፣ የደህንነት ችግር የለም" ብዬ ጻፍኩ። የስብሰባው መሪ ምንም አላሉም፣ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከምሳ በኋላ "ነገ እንመለስበታለን" ብለው አለፉት።

የጻፍኩት ስህተት ነው እንዴ? ከቻላችሁ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ። "ይበልጥ"፣ "ያነሰ"፣ "የለም" የሚሉትን መሪ ቃላት በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ አጠቃቀማቸው ነው የጠፋብኝ።

ቧንቧ_99

ትክክል ነው የጻፍሽው፣ አትጨነቂ። ሙቀት በሚያወጣ ሪአክሽን ውስጥ አደጋው ሙቀት ሲጨምር ነው። ቅዝቃዜ ወደ ደህናው ጎን ነው የሚወስድሽ። እኛ ጋ እንዲህ ያለው መስመር ላይ "አሳሳቢ ውጤት የለም" ተብሎ ይታለፋል፣ አለበለዚያ ስብሰባው በሦስት ሳምንትም አያልቅም። መሪሽ ምናልባት ርቧቸው ይሆናል 😀

ቀይ_እስክሪብቶ

መሪሽ አልራባቸውም። የቡድኑ ሰው ራሱ ያየዋል ብለው እየጠበቁ ነበር። እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው። መሪ መልሱን ከተናገረ ቡድኑ ማሰብ ያቆማል።

ቧንቧ_99፣ "ቅዝቃዜ ወደ ደህናው ጎን" ያልከው ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ ተጨምሮ ለሚሠራ ሪአክተር ግማሽ መንገድ ያስኬድህ ይሆናል። እዚህ ግን አንሃይድራይዱ እየተጨመረ ነው። ፓምፑ ሙቀቱ ይኑር አይኑር አያውቅም። በሰዓት 400 ኪሎውን ይገፋል።

እህቴ፣ ካንቺው መስመር ልጀምር። ብዙ ሰው መሪ ቃሉን ይዞ በቀጥታ ወደ አደጋው ይዘላል፣ ስህተቱም እዚያ ይፈጠራል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ይህ ክፍል ምን እንዲያደርግ ታስቧል?" የሚለው ነው። መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊው። "አንሃይድራይድ በሰዓት 400 ኪሎ ይገባል፣ 40 ዲግሪ ላይ እየተማሰለ ካለው ሜታኖል ጋር፣ እንደገባ ይዋሃዳል፣ ሙቀቱን ጃኬቱ ይወስዳል።"

"እንደገባ ይዋሃዳል" ያልኩትን አየሽው? ሰንጠረዡ ላይ ብዙ ጊዜ ሙቀት፣ ፍሰት፣ ግፊት፣ ከፍታ ተብሎ ይጻፍና "እንደገባ ይዋሃዳል" የሚለው ይረሳል። የዚህ ሪአክተር ደህንነት ሁሉ ግን የተመሠረተው እሱ ላይ ነው። ሪአክተሩ ውስጥ በማንኛውም ቅጽበት ያልተዋሃደ አንሃይድራይድ ትንሽ ብቻ መሆን አለበት። ስለዚህ "ያነሰ" የሚለውን ቃል ሙቀት ላይ ስታስቀምጪ መጠየቅ ያለብሽ "ቢቀዘቅዝ ይጎዳል ወይ?" ብቻ አይደለም። "ቢቀዘቅዝ ያ የታሰበው ነገር ይፈጸማል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። አይፈጸምም። ይገባል፣ ግን አይዋሃድም። ይጠራቀማል።

ቀጥሎ መንስኤ። መንስኤውን ከዚሁ ክፍል ውስጥ ፈልጊ። ሙቀቱ ለምን ያንሳል? እስቲ ሦስት ጻፊና አምጪ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

ወለላ_ሚ

እኔ ጁስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። እኛ ጋም በየዓመቱ ይሠራል ይሄ ነገር። ወሳኝ የቁጥጥር ነጥቦችን ትመርጫለሽ፣ ለምሳሌ ፓስቸራይዘሩ ላይ ሙቀት ካነሰ ባክቴሪያው አይሞትም። ስለዚህ "ሙቀት ያነሰ" በጣም አደገኛ ነው ብለሽ ጻፊ። ኦዲተሮቹም እሱን ነው የሚያዩት።

ቀይ_እስክሪብቶ

ወለላ_ሚ፣ አንቺ የምትይው ሃሳፕ ነው፣ የምግብ ደህንነቱ። ስማቸው ሲጠራ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይደናገራል። ሃዞፕ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አይሲአይ የሚባለው የኬሚካል ድርጅት ውስጥ የተወለደ ሌላ ዘዴ ነው። አሁን አይኢሲ 61882 የሚባል የራሱ ስታንዳርድ አለው። የሚገርመው ግን መልስሽ በሌላ መንገድ ሄዶ ትክክል ላይ ወደቀ።

ወለላ_ሚ

እሺ ይቅርታ 😅 ግን ልከታተል፣ ደስ ብሎኛል።

ጸሐፊዋ_ነኝ

እሺ ጋሼ፣ አሰብኩበት። ለሙቀት ማነስ ያገኘኋቸው መንስኤዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ኦፕሬተሩ ማሞቁ ሳያልቅ አንሃይድራይዱን ይጀምራል፣ በ20 ዲግሪ ለምሳሌ። ሁለተኛ፣ የማቀዝቀዣ ውሃው ቫልቭ ተከፍቶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ቴርሞሜትሩ ይሳሳታል፣ ውስጡ 20 ሆኖ 40 ያነባል።

ስለ ቫልቩ አንድ ነገር ልጨምር። የሚያንቀሳቅሰው አየር ሲጠፋ እንዲከፈት ነው የተሠራው። ስብሰባው ላይ ይሄን እንደ መከላከያ ነበር የጻፍነው።

ቀይ_እስክሪብቶ

ጎበዝ። ለ"ሙቀት ይበልጥ" መከላከያ የነበረው ያው ቫልቭ ለ"ሙቀት ያነሰ" መንስኤ ሆነ። ይሄን ካየሽ ግማሹን ጨርሰሻል።

አሁን ውጤቱ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። ውጤቱን ስትጽፊ መከላከያ እንደሌለ አድርገሽ እስከ መጨረሻው ውሰጂው። "አላርም ይጮሃል፣ ኦፕሬተሩ ያቆማል" ብለሽ መሀል ላይ አትቁረጪው። አላርሙ የራሱ አምድ አለው፣ ተራው ይደርሰዋል።

የላብራቶሪው የሙቀት ልኬት አላችሁ? ሪፖርቱ ላይ በአንድ ሞል ስንት ኪሎጁል ይላል?

ጸሐፊዋ_ነኝ

67 ይላል። የቅልቅሉ የሙቀት አቅም ደግሞ መጀመሪያው ላይ በኪሎ ወደ 2.4 ኪሎጁል፣ ማለቂያው ላይ 2.3 ገደማ።

ቀይ_እስክሪብቶ

በቂ ነው። ስልክሽ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

መጀመሪያ ጤናማውን ቀን እንይ። 2000 ኪሎ አንሃይድራይድ ማለት 19.6 ኪሎሞል ነው፣ የአንዱ ሞል ክብደት 102 ግራም ስለሆነ። በ67 ሲባዛ 1313 ሜጋጁል ገደማ። በ5 ሰዓት ስታካፍዪው ወደ 73 ኪሎዋት ይመጣል። ጃኬቱ ይሄን ይችላል፣ ለዚህ ነው የተሠራው።

አሁን ቀዝቃዛውን ቀን። ሜታኖሉ 20 ዲግሪ ላይ ነው። ፓምፑ ተነሳ። አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። 500 ኪሎ ገብቷል። ለክፉው ብለን ምንም አልተዋሃደም እንበል። 500 ኪሎ 4.9 ኪሎሞል ነው፣ 328 ሜጋጁል ይዟል። ሪአክተሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ 2000 ኪሎ። በ2.4 ሲባዛ ለአንድ ዲግሪ 4.8 ሜጋጁል ያስፈልጋል። 328 ለ4.8 ሲካፈል 68 ዲግሪ።

ማለት ያ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ቢነሳ ሙቀቱን በ68 ዲግሪ ይዘልላል። ከ20 ቢነሳ 88 ነው። ግን ከ20 አይነሳም። ታሪኩ እንዴት እንደሚቀጥል አስቢ። ኦፕሬተሩ ስክሪኑን ያያል፣ 20 ዲግሪ። "አሃ፣ ቀዝቅዟል" ይላል። ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፣ ውሃውን ዘግቶ እንፋሎቱን ይከፍታል። 40 ሲደርስ ሪአክሽኑ ነቅቷል። 40 ሲደመር 68 ስንት ነው? 108። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ይፈላል። ከሪአክሽኑ የሚወጣው ሜቲል አሲቴት ደግሞ በ57። 108 ሳይደርስ ይፈላል፣ በዚያን ጊዜ ጃኬቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው፣ ኮንደንሰሩም የተሠራው ለሌላ ቀን ነው። ግፊት ይነሳል።

ይሄን ነው "ምርት ይዘገያል" ብለሽ የጻፍሽው።

ጸሐፊዋ_ነኝ

ወይ ጉድ። እጄ ቀዘቀዘ።

ቧንቧ_99

ቆይ ቆይ። ስሌቱን አልከራከርም። ግን ይሄ ሁለት ብልሽት በአንድ ላይ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ቀረ፣ *እና* ኦፕሬተሩ እንፋሎት ከፈተ። ሃዞፕ ላይ ሁለት የማይገናኙ ብልሽቶችን በአንድ ጊዜ አንወስድም፣ ይሄ የታወቀ ነው። እንደዚያ ካልን ሰማይ ቢወድቅም ማለት እንችላለን። ሌላ ደግሞ፣ 500 ኪሎ ምንም ሳይዋሃድ ማለት የተጋነነ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ አለበት፣ በ20 ዲግሪም የተወሰነው ይዋሃዳል።

ቀይ_እስክሪብቶ

በሁለተኛው ነገር ልክ ነህ። የተወሰነው ይዋሃዳል። ምን ያህሉ ይቀራል የሚለውን ላብራቶሪው በ20 ዲግሪ ለክቶ ነው መናገር ያለበት፣ እኔና አንተ አይደለንም። ስብሰባው ላይ ክፉውን ይዘሽ ሂጂ፣ "ትክክለኛው ክምችት ይለካ" ብለሽ ለኬሚስቱ ስጪው። ግማሹ እንኳ ቢቀር 40 ላይ 34 ስትደምር 74 ነው። ከመፍያው በላይ ነው ያለው።

በመጀመሪያው ግን አልስማማም። ሁለት ብልሽት የሚባለው የማይገናኙ ሲሆኑ ነው። እንፋሎቱን መክፈት ብልሽት አይደለም። የቅዝቃዜው ልጅ ነው። መጀመሪያው ከተፈጠረ ሁለተኛው ይከተላል፣ ምናልባትም መመሪያው ላይ "ሙቀት ካነሰ አሙቅ" ተብሎ ተጽፏል።

ጸሐፊዋ_ነኝ

አዎ ተጽፏል። አሁን አየሁት። "ሙቀቱ ከ35 በታች ከሆነ በእንፋሎት ወደ 40 ይመለስ።" ፓምፑን አቁም የሚል የለም።

ሺፍት_ቢ

ልጆች፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ 22 ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ። የናንተን ኬሚካል አላውቀውም፣ ግን ይሄ ነገር በሌላ መንገድ ደርሶብኛል።

አንድ ሌሊት ሙቀቱ እንደ ወትሮው ሳይወጣ ቀረ። ቀዝቃዛው ቫልቭ ሊዘጋ ደርሷል፣ ሙቀቱ ግን ዝም። ስክሪኑ ላይ ማማሰያው "በሥራ ላይ" ይላል፣ አረንጓዴ። ወጥቼ ሞተሩን ነካሁት፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሠራል። ግን ድምፁ አልጣመኝም። ቀለል ብሎታል፣ ባዶ ዕቃ እንደሚያዞር። ባትሪዬን በሳይት ግላሱ ውስጥ አበራሁ። ላዩ እንደ ኩሬ ረግቷል። መስታወት ነው የመሰለኝ። ሞተሩ ይዞራል፣ ከታች ያለው ዘንግ ከመጋጠሚያው ላይ ለቋል።

ፓምፑን ራሴ ዘጋሁ። ያኔ የሺፍት አለቃው መጥቶ "ቶሎ አጥብቁትና አስነሱት፣ ባቹ ይበላሻል" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር፣ ብቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይማሰል የገባው የት እንዳለ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ኬሚስቱ ከቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ ጠበቅን። ተጣልተን ነበር፣ ለስድስት ወር አላናገረኝም።

ቀይ_እስክሪብቶ

ጋሼ ሺፍት_ቢ፣ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው። እህቴ፣ ይሄን "ማማሰል የለም" ከሚለው መስመርሽ ጋር አያይዢው። ያንቺ አንሃይድራይድ መጠነ እፍጋቱ 1.08 ነው፣ ሜታኖሉ 0.79። ማማሰያው ከቆመ ከባዱ ወደ ታች ይሄዳል። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ሆኖ ይቀመጣል። አደጋው ማማሰያው የቆመ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ዳግም የተነሳ ጊዜም ነው። ሁለቱን ያገናኛቸዋል።

መሪ ቃሉ "የለም" ነው፣ ቀላሉ ቃል። ግን ብዙ ቡድን "ማማሰል የለም" ላይ "ሙቀት ማስተላለፍ ይቀንሳል" ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ከዚያ በኋላ ስላለው ደቂቃ አይጠይቅም። ጣሊያን አገር ሴቬሶ ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. የሆነውን ብታዪ፣ ባቹን ሳይጨርሱ ማማሰያውን አጥፍተው ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከሰዓታት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከላይ በኩል የጋለው ግድግዳ የረጋውን ፈሳሽ አሞቀውና ሪአክሽኑ ተነሳ። ዳዮክሲን የሚባለው መርዝ አካባቢው ላይ ወረደ። መንገዱ ከናንተው ይለያል፣ ግን እዚያም ጥያቄው "ያልተማሰለ ነገር ትተን ብንሄድስ?" ነው።

ሦስተኛ ዘመድም አላቸው። "ካታሊስት የለም።" ሰልፈሪክ አሲዱ ቢረሳስ? 40 ዲግሪ ነው፣ ማማሰያው ይዞራል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሪአክሽኑ ግን ይጎተታል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ አንዱ ያስታውሳል። "ኧረ አሲዱን ረስተነዋል!" ብሎ ይጨምረዋል። ይሄ "ዘግይቶ" የሚለው መሪ ቃል ነው። ባች ሂደት ላይ "ቀድሞ" እና "ዘግይቶ" የግድ ናቸው፣ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ራሱ የዲዛይኑ አካል ነው።

ሦስት መስመር፣ ሦስት የተለያየ መንስኤ፣ አንድ ውጤት። ከላይ ያለው ያልተዋሃደ ክምችት።

ሴንሰር_ሰው

ወደ መከላከያው ልግባ፣ የኔ ቀበሌ ነው። ምን ኢንተርሎክ አላችሁ?

ጸሐፊዋ_ነኝ

ሙቀቱ 50 ሲደርስ የአንሃይድራይዱን ፓምፕ ያቆማል። 45 ላይ አላርም አለ። ግፊት ሲበዛ ተቀዶ የሚያስወጣ ራፕቸር ዲስክም አለ። ማማሰያው ሲቆምም ፓምፑ ይቆማል።

ሴንሰር_ሰው

አንድ በአንድ ልያቸው።

የ50 ዲግሪው ኢንተርሎክ "ሙቀት ይበልጥ" ላይ ጥሩ ነው። "ሙቀት ያነሰ" ላይ ግን ምንም አያደርግልሽም። 50 ሲደርስ ፓምፑን ያቆማል፣ እሺ፣ ግን 500 ኪሎው ውስጥ ገብቷል። በሩን የምትዘጊው ሌባው ሳሎን ከተቀመጠ በኋላ ነው።

አላርሙና ኢንተርሎኩ ምልክታቸውን ከየት ነው የሚወስዱት? አንድ ቴርሞሜትር ከሆነ መከላከያው አንድ ነው፣ ሁለት አይደለም። ያ ቴርሞሜትር ከሳተ ደግሞ መንስኤው ራሱ መከላከያዎቹን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው መንስኤሽ ይሄው ነው።

ማማሰያው ሲቆም ፓምፑ ይቆማል ያልሽው፣ "ቆመ" የሚለውን ከሞተሩ ስታርተር ከሆነ የምታገኙት፣ የጋሼ ሺፍት_ቢን ሌሊት አያይም። ሞተሩ እየዞረ ነበር። የሞተሩን ከረንት መለካት ይሻላል። ዘንጉ ሲለቅ ከረንቱ ይወርዳል። ፍጹም አይደለም፣ ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ወይ ዘንጉ ላይ የዙር ሴንሰር።

ጸሐፊዋ_ነኝ

አንድ ቴርሞሜትር ነው 🤦🏽‍♀️ እና ከስታርተሩ ነው።

ቧንቧ_99

ራፕቸር ዲስኩ አለ ብላለች። እሱ ከሁሉም በኋላ ይይዛል።

ሴንሰር_ሰው

ለምን ተብሎ ነው የተሠራው? ለውጭ እሳት ከሆነ የተሰላው፣ ሜታኖልና ሜቲል አሲቴት አረፋ ሆነው በአንድ ላይ ሲወጡ ይበቃል ማለት አይደለም። ስሌቱን የማታገኙ ከሆነ እንደ መከላከያ አትቁጠሩት።

ቧንቧ_99

እሺ። ይሄን አላሰብኩትም። እኛ ጋ ሁሌም እንቆጥረዋለን።

ቀይ_እስክሪብቶ

ቲ2 ላቦራቶሪስ፣ ፍሎሪዳ፣ ታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ.። ሪአክተሩ ማቀዝቀዣውን አጥቶ ፈነዳ፣ 4 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ነበር፣ የግፊት ማስወጫው ከቁጥጥር የወጣውን ሪአክሽን መሸከም አይችልም ነበር። ማቀዝቀዣውም መጠባበቂያ አልነበረውም። ከዚያ በፊት ብዙ ባች በሰላም ወጥቶለታል። "ሁሌም እንቆጥረዋለን" ሲባል እሱ ነው የሚታወሰኝ።

ተማሪ_መ

እኔ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ፣ "ተገላቢጦሽ" የሚለው ቃል እዚህ ምን ያመጣል? ፈሳሽ ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ምን ጉዳት አለው?

ሴንሰር_ሰው

ፓምፑ ቆመ እንበል፣ ቧንቧው ክፍት ነው። ሪአክተሩ ውስጥ ግፊት ካለ ይዘቱ ወደ አንሃይድራይዱ ታንክ ይመለሳል። እዚያ ስንት ቶን አንሃይድራይድ ነው ያለው? ጃኬት አለው? ማቀዝቀዣ አለው? የለውም። አሁን የቀላቀልከው በማይቀዘቅዝ ታንክ ውስጥ ነው፣ ያውም አሲዱን ጨምረህ። ሰዎች "ቼክ ቫልቭ አለ" ይላሉ። ቼክ ቫልቭ በትንሽ ቆሻሻ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል፣ ለዓመታት ማንም ሳይፈታው ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለ ውጤት ብቻውን አይበቃም፣ አብሮት የሚዘጋ ቫልቭ ያስፈልጋል። ልብ በል ደግሞ፣ መንስኤው በአንዱ ክፍል ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ከፊትህ ያለውን ብቻ ካየህ ያመልጥሃል።

ተማሪ_መ

አመሰግናለሁ። መጽሐፉ ላይ "የኋላ ፍሰት፣ መፍትሔ ቼክ ቫልቭ" ብሎ ነው የሚያልፈው።

ጸሐፊዋ_ነኝ

ስብሰባው ዛሬ ተደረገ። "ሙቀት ያነሰ" ላይ ተመለስንበት፣ ሦስት ሰዓት ፈጀ። መሪው መጀመሪያ "ማን ይጀምራል?" አሉ፣ እኔም እጄን አነሳሁ። መስመሩን እንዲህ ጻፍኩት፣ እስቲ እዩልኝ።

መዛነፍ፦ ሙቀት ያነሰ፣ አንሃይድራይድ እየተጨመረ ሳለ።
መንስኤ፦ የማቀዝቀዣ ውሃ ቫልቭ ተከፍቶ ይቀራል። (ሌሎቹ መንስኤዎች ለየብቻ መስመር አላቸው።)
ውጤት፦ ያልተዋሃደ አንሃይድራይድ ይጠራቀማል። ኦፕሬተሩ በመመሪያው መሠረት በእንፋሎት ሲያሞቅ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይዋሃዳል፣ ይዘቱ ይፈላል፣ ግፊት ይነሳል፣ ሪአክተሩ ሊቀደድና የሚቀጣጠል እንፋሎት ሊወጣ ይችላል።
አሁን ያለው መከላከያ፦ የለም።
መሠራት ያለበት፦ ሙቀቱ ከ35 በታች ሲሆን ፓምፑን የሚያቆም ኢንተርሎክ፣ የራሱ የተለየ ቴርሞሜትር ያለው። መመሪያው ላይ ያለው "በእንፋሎት ይመለስ" የሚለው ይውጣ። በ20 ዲግሪ የሚኖረውን ክምችት ላብራቶሪው ይለካ። ራፕቸር ዲስኩ ለምን እንደተሰላ ይጣራ።

"አሁን ያለው መከላከያ፣ የለም" ብዬ ስጽፍ የፕሮዳክሽን ኃላፊው ፊቱን አኮሳተረ። "ኦፕሬተሩስ?" አለ። መሪው "ኦፕሬተሩ እንፋሎቱን የሚከፍተው ነው" አሉ። ከዚያ ማንም አልተናገረም።

ቀይ_እስክሪብቶ

ጥሩ ጽፈሻል። አንድ ማስተካከያ፣ "ይጣራ" እና "ይለካ" ላይ የሰው ስምና ቀን አድርጊበት። ስም የሌለው ሥራ ከሚቀጥለው ሃዞፕ ላይ እንደገና ታገኚዋለሽ፣ በዚያው ቃል።

ሌላው፣ የ35ቱ ኢንተርሎክ ማሞቁ ሳያልቅ ፓምፑ እንዳይነሳም መከልከል አለበት። ያ የመጀመሪያው መንስኤሽን ይሸፍናል።

ሺፍት_ቢ

ልጄ፣ እኔም አንድ ልጠይቅ። ኢንተርሎኩ ፓምፑን አቆመ እንበል። ውስጥ ግን 100 ኪሎ ያህል ገብቷል፣ ቀዝቃዛ ነው። አሁን ኦፕሬተሩ ምን ያድርግ? አታሙቅ ብላችሁታል። ይተወው? ለስንት ሰዓት? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኬሚስት የለም።

ሴንሰር_ሰው

100 ኪሎ ከሆነ ክፉው ቢሆን ወደ 17 ዲግሪ ነው የሚጨምረው። 40 ላይ ብትደምረው 57 ነው። አፋፍ ላይ ነው፣ ግን በዝግታ ቢሞቅ ጃኬቱ ሊይዘው ይችላል ባይ ነኝ።

ቀይ_እስክሪብቶ

"ሊይዘው ይችላል" ብዬ እኔ አልፈርምም። በዝግታ ማለት ስንት ነው? በሰዓት 5 ዲግሪ? ያንን የሚናገረው የላብራቶሪው ልኬት ነው። እስኪመጣ ድረስ ኦፕሬተሩ አይንካው፣ እየተማሰለ ውሃው ላይ ይቆይ ብዬ እጽፍ ነበር።

ሺፍት_ቢ

እየተማሰለ ከቆየ እኮ በራሱ ቀስ እያለ ይዋሃዳል፣ ጥሩ ነው። ማማሰያው የቆመ ጊዜ ግን ይሄ አይሠራም። እዚያ ላይ መልስ የላችሁም።

ጸሐፊዋ_ነኝ

ጋሼ፣ ያንን ለነገ ይዤዋለሁ። ነገ "ማማሰል የለም" ላይ ነን፣ ሰንጠረዡ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ አድርጌ ጽፌዋለሁ።